ጭራው ለሴቴዋ፣ ቀዩ ለባላንጣው

«የምኖረው ጅማ ነው። ክረምት በገባ ቁጥር ቦዬ ረግረግ አካባቢ ባለው ሣር ላይ ድንቢጥ የሚያክል፣ ሰውነቱ ጥቁር፣ አንገቱ ቀይ የሆነ ወፍ ከራሱ የሚረዝም ጭራ እየጎተተ ሲበር አያለሁ። ወንዱ ነው ይሉኛል። ይህን ሁሉ ላባ መሸከሙ ምን ይጠቅመዋል? ሴቷስ የትኛው እንደሚሻል በምን ታውቃለች?»

ከገለጻዎ እንደምረዳው ያዩት ወፍ በሳይንሳዊ ስሙ ኤውፕሌክተስ አርደንስ ተብሎ የሚጠራው፣ ከሸማኔ ወፎች ወገን የሆነ ወፍ ነው። በእኛ አገር የሚገኘው ንዑስ ዝርያ ቀለሙ አንገቱ ላይ ብቻ አይወሰንም፤ ከአናቱ ተነሥቶ በማጅራቱ ዞሮ ደረቱ ላይ ይገጥማል። ደቡብ አፍሪካ ያለው ዘመዱ ግን ከጉሮሮው ሥር እንደ ግማሽ ጨረቃ የታጠፈ ቀይ ብቻ ነው ያለው። አጭሩን መልስ ላስቀድም፦ ጭራው የሴቴዋን ዓይን ለመሳብ ነው፤ ቀዩ ቀለም ግን በዋናነት ለሌሎች ወንዴዎች የሚታይ ማስጠንቀቂያ ነው። ሴቴዋ ስትመርጥ ከሁሉ አስቀድማ የምታየው የጭራውን ርዝመት ነው። ይህን በልበ ሙሉነት ለመናገር ያስቻለን ወፎቹን ቆሞ መመልከት ብቻ ሳይሆን በመቀስና በማጣበቂያ የተደረገ ሙከራ ስለሆነ፣ ሰፊውን መልስ በዚያው ዙሪያ አደርገዋለሁ።

ጥያቄዎ የቆየ ጥያቄ ነው። ቻርለስ ዳርዊን በ1860 ለአሜሪካዊ የዕፅዋት ተመራማሪ ወዳጁ በጻፈው ደብዳቤ የፒኮክን ጭራ ላባ ባየ ቁጥር እንደሚያመው ገልጾ ነበር። ያሳመመው ነገር ግልጽ ነው። ለኑሮ የሚረዳ ነገር ብቻ ተመርጦ የሚቀር ከሆነ፣ ለመብረር የሚያስቸግርና ለጭልፊት የሚያጋልጥ ላባ ከትውልድ ትውልድ እየረዘመ የሚሄድበት ምክንያት አይታይም። ከዐሥራ አንድ ዓመት በኋላ በ1871 ያቀረበው መልስ፣ ወንዴው ዕድሜው ቢያጥርም እንኳ ብዙ ሴቴዎች ከመረጡት ብዙ ልጆች ይተካል፤ ልጆቹም ጭራውን ይወርሳሉ የሚል ነበር። ብዙዎቹ የዘመኑ ሊቃውንት ወንዴዎች እርስ በርስ መጣላታቸውን ለመቀበል አልተቸገሩም፤ ወፍ «ትመርጣለች» የሚለውን ግን አልተቀበሉትም። ይህ ሁለተኛው ክፍል በሜዳ ላይ በሙከራ እስኪፈተን ከመቶ ዓመት በላይ ፈጅቷል።

ወደ ሙከራው ከመግባቴ በፊት የወፏን የኑሮ ሁኔታ ማወቅ ያስፈልጋል። ወንዴው ይህን ጭራ የሚያበቅለው ለመራቢያው ወቅት ብቻ ነው። ዝናቡ ሲያበቃ ላባውን ጥሎ እንደ ሴቴዋ ቡናማና ዥጉርጉር ይሆናል፤ በበጋ ወራት ከመንጋው መካከል ማን ወንዴ ማን ሴቴ እንደሆነ ለመለየት እኔም ብዙ ጊዜ እቸገራለሁ። በክረምት ግን እያንዳንዱ ጠንካራ ወንዴ ከረጅሙ ሣር ለራሱ አንድ ቁራሽ ይከልላል፤ ሌላ ወንዴ ሲገባ ያባርራል፤ የሚመጡ ሴቴዎችን ሁሉ ይቀበላል። በአንድ ወንዴ ክልል ውስጥ ሁለት፣ ሦስትና ከዚያም በላይ ሴቴዎች ጎጆ ሊይዙ ይችላሉ። እንቁላሉን የምትታቀፈውና ጫጩቱን የምትመግበው ሴቴዋ ብቻዋን ናት። ስለዚህ ስትመርጥ ጥሩ ቀላቢ ወይም ጥሩ አባት አትፈልግም፤ ከእርሱ የምታገኘው በዋናነት ዘሩንና የሣሩን ቦታ ነው። የጭራው ጉዳይ ጎልቶ የሚታየውም እንዲህ ባሉ ወፎች ላይ ነው። ባልና ሚስቱ አብረው በሚመግቡባቸው ወፎች ዘንድ ምርጫው የሁለቱም ስለሚሆን፣ ብዙ ጊዜ ሁለቱም ይመሳሰላሉ።

አንድ የሐምሌ ጠዋት ቦዬ ዳር ቆሜ ያየሁትን ልንገርዎ። ዝናቡ አባርቶ ሣሩ ገና ውኃ አዝሏል። ወንዴው ከሣሩ ከፍ ባለች አንዲት የደረቀች አገዳ ላይ ተቀምጧል። ጭራው በውኃ ስለከበደ ቁልቁል ተንጠልጥሎ ነፋስ ሲመጣ አገዳዋን ጭምር ያዘነብላታል። ቡናማ ሴቴ ከሩቅ ስትመጣ የአንገቱን ላባ አቁሞ ተነሣ፤ ግን እንደ ወትሮው በቀጥታና በፍጥነት አልበረረም። ክንፉን ቀስ ብሎ እየመታ፣ ጭራውን ዘርግቶና ወደ ታች ቀስቶ፣ ከሣሩ ጫፍ ብዙም ሳይርቅ በዝግታ ተንሳፈፈ። በዚህ አበራረር ጭራው ከየአቅጣጫው ይታያል። ሴቴዋ ሣር ውስጥ ገብታ ጥቂት ቆየችና ወጥታ ወደሚቀጥለው ወንዴ ክልል ሄደች፤ እርሱም ያንኑ አደረገ። ሦስተኛውም ጋ ደረሰች። የትኛው ጋ እንደቀረች አላየሁም፤ ይሁን እንጂ አንዱን ወንዴ ብቻ አይታ እንደማትወስን ከዚህ ይታያል። ጎረቤታሞቹን ተራ በተራ ጎብኝታ ታወዳድራለች።

እንዲህ ያለውን ነገር ማየት ግን ማስረጃ አይሆንም። ረጅም ጭራ ያለው ወንዴ ብዙ ሴቴ አገኘ እንበል። ምናልባት የመጣው በጭራው ሳይሆን ምርጥ ሣር ስለያዘ፣ ወይም ቀደም ብሎ ስለደረሰ፣ ወይም ጤነኛ ስለሆነ ብዙ ስለሚንሳፈፍ ሊሆን ይችላል። ጤነኛው ወንዴ ጭራውም ይረዝማል፣ ቦታውም ይሻላል፣ ጉልበቱም ይበዛል፤ ሦስቱ አብረው ስለሚሄዱ ሴቴዋ የመረጠችው የትኛውን እንደሆነ በዓይን ብቻ አይለይም። መፍትሔው ሌላውን ሁሉ እንዳለ ትቶ ጭራውን ብቻ መለወጥ ነው።

ይህን ያደረገው ማልቴ አንደርሰን የተባለ ስዊድናዊ ተመራማሪ ነው። ቦታው ኬንያ፣ የኪናንጎፕ ደጋማ ሜዳ ነው። ወፉ የእርስዎ ወፍ የቅርብ ዘመድ የሆነው ኤውፕሌክተስ ፕሮግኔ ሲሆን ጭራው ግማሽ ሜትር ያህል ይደርሳል፤ በኢትዮጵያ አይገኝም። ሠላሳ ስድስት ወንዴዎችን ይዞ አራት አራት እያደረገ በዘጠኝ ምድብ ከፈላቸው። በእያንዳንዱ ምድብ የአንዱን ጭራ ቆርጦ ወደ 14 ሳንቲ ሜትር አሳጠረው። የተቆረጠውን ላባ በሱፐር ግሉ ከሌላው ወንዴ ጭራ ጋር ላባ በላባ አጣበቀና በአማካይ 25 ሳንቲ ሜትር አረዘመው። ሦስተኛውን ጭራውን ቆርጦ የራሱኑ መልሶ አጣበቀለት፤ ርዝመቱ አልተለወጠም። አራተኛውን ለመለያ ቀለበት እግሩ ላይ አስሮ ጭራውን ሳይነካ ለቀቀው።

ሦስተኛውና አራተኛው ለምን እንዳስፈለጉ ማስተዋል ይገባል፤ የሙከራው ጥንካሬ ያለው እዚያ ላይ ነውና። ወፉን መያዝ፣ መቁረጥና ማጣበቅ በራሱ ወንዴውን አስደንግጦ ወይም ላባውን አበላሽቶ ሴቴዎችን ሊያርቅ ይችል ነበር። የራሱን ጭራ መልሶ የተለጠፈለት ወንዴ ካልተነካው ጋር ከተመሳሰለ፣ በተረዘመውና ባጠረው መካከል የሚታየው ልዩነት ከርዝመቱ እንጂ ከመቀሱ ወይም ከማጣበቂያው አልመጣም ማለት ነው።

ቀጥሎ የቆጠረው ጎጆ ነው። እያንዳንዷ ሴቴ የራሷን ጎጆ ስለምትይዝ በአንድ ወንዴ ክልል ውስጥ ያሉት እንቁላል ወይም ጫጩት ያለባቸው ጎጆዎች ቁጥር ስንት ሴቴ እንደመረጠችው ያሳያል። ጭራቸው ከመለወጡ በፊትም ቆጥሮ ስለነበር ምድቦቹ ሲነሡ እኩል እንደነበሩ አረጋግጧል። ከለውጡ በኋላ የተረዘሙት ወንዴዎች በአማካይ ወደ ሁለት የሚጠጋ አዲስ ጎጆ አገኙ፤ የሌሎቹ ምድቦች አማካይ ግን ከአንድ በታች ነበር። ውጤቱ በ1982 ታተመ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚያልፋት አንዲት ነጥብ አለች። ጭራቸው ያጠረ ወንዴዎች ክልላቸውን አልተነጠቁም፤ ከሌሎቹ ያነሰም አልተንሳፈፉም። የተረዘሙትም እንቅስቃሴያቸው አልጨመረም። ባላንጣዎች ባለ አጭር ጭራውን «ደካማ ነው» ብለው ቢያባርሩት ኖሮ፣ የጎጆው ማነስ ከቦታ ማጣት የመጣ ነው ማለት ይቻል ነበር። እንዲያ አልሆነም። ወንዴው እዚያው ቦታው ላይ፣ እንደ ድሮው እየተንሳፈፈ፣ ሴቴዎቹ ብቻ ናቸው የቀነሱበት። ስለዚህ ጭራው በወንዴዎች ጠብ ውስጥ ሚናው አነስተኛ ነው፤ የሚሠራው በሴቴዋ ዓይን ላይ ነው።

ታዲያ ቀዩ ምንድን ነው? ይህን የመለሱት ሳራ ፕራይክና ስታፋን አንደርሰን የተባሉ ተመራማሪዎች ከባልደረቦቻቸው ጋር በደቡብ አፍሪካ፣ እርስዎ ባዩት ዝርያ በራሱ ላይ ባደረጉት ሥራ ነው፤ ከ2001 ጀምሮ በተከታታይ ታትሟል። ሴቴዎቹ ሲመርጡ የሚከተሉት አሁንም የጭራውን ርዝመት እንደሆነ፣ የቀዩ ስፋትና ድምቀት ግን በምርጫቸው ላይ ይህ ነው የሚባል ክብደት እንዳልነበረው አገኙ። በአንጻሩ ክልል በመያዝና ባላንጣን በማራቅ ረገድ ያሸነፉት ቀያቸው ሰፊና ደማቅ የሆነው ወንዴዎች ነበሩ። ቀዩ የሚመጣው ካሮቲኖይድ ከተባለ ቀለም ሲሆን፣ ወፍ ይህን ቀለም ከባዶ መሥራት ስለማይችል መነሻውን ከምግቡ ማግኘት አለበት። አንድ ወንዴ ሁለት ጌጥ ለሁለት ተመልካች ይዟል ማለት ነው፤ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ እስከ ጥግ ማሳደግ ግን አልሆነለትም። በዚሁ ዝርያ ላይ ጭራቸው የረዘመው ወንዴዎች ቀያቸው አነስ ያለ፣ ቀያቸው የሰፋው ደግሞ ጭራቸው አጠር ያለ የመሆን ዝንባሌ ታይቷል።

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄዎ፣ ወደ ሸክሙ ልመለስ። በኬንያው ሙከራ ሴቴዎቹ በተፈጥሮ ከሚገኘው በላይ የረዘመውን ጭራ ከመረጡ፣ ወንዴዎቹ ለምን እስካሁን ያን ያህል አላስረዘሙትም? መልሱ ዋጋው ነው። በደቡብ አፍሪካው ዝርያ ላይ በተደረገ ሌላ የጭራ ሙከራ ባለ ረጅም ጭራዎቹ ብዙ ጎጆ አገኙ፤ ሆኖም ከተቆረጠላቸው ይልቅ ያነሰ በረሩ፣ የሰውነታቸው ሁኔታም በወቅቱ ውስጥ ቶሎ አሽቆለቆለ። ቦዬ ላይ በነፋሻ ቀን ቢመለከቷቸው ይህን ለመረዳት ሙከራ አያሻዎትም፤ ወንዴው አቅጣጫ ለመቀየር ሲሞክር ነፋሱ በጭራው ይዞት ይጎትተዋል፣ ብዙውን ጊዜም መብረሩን ትቶ ሣር ውስጥ ይወርዳል።

እስራኤላዊው ተመራማሪ አሞትዝ ዛሃቪ በ1975 ያቀረበው ሐሳብ ከዚህ ይነሣል። ጭራው የሚታመነው ውድ ስለሆነ ነው፤ ደካማው ወንዴ ያን ያህል ሸክም ተሸክሞ ወቅቱን ሊዘልቅ ስለማይችል ሊያጭበረብር አይችልም ይላል። በሂርማታ ገበያ በግ የሚገዛ ሰው የሻጩን ምስክርነት ትቶ የበጉን ወገብ በእጁ የሚዳስሰው፣ ሥጋው ካለ እንደሌለ፣ ከሌለም እንዳለ ተደርጎ ሊቀርብ ስለማይችል ነው። እንደ ዛሃቪ አባባል ሴቴዋም በጭራው ርዝመት የወንዴውን ጉልበት ትዳስሳለች።

ሐሳቡ ማራኪ ነው፤ እኔ ግን ሙሉ በሙሉ አልቀበለውም። እንግሊዛዊው የሥነ ሕይወት ሊቅ ሮናልድ ፊሸር በ1930 ባስቀመጠው መንገድ ቢታሰብ፣ ጭራው ስለ ጉልበት ምንም ባይናገርም ምርጫው ሊቀጥል ይችላል። ረጅም ጭራ የምትመርጥ ሴቴ ረጅም ጭራ ያላቸው ወንድ ልጆች ትወልዳለች፤ የዘመኑ ሴቴዎች ሁሉ ረጅም የሚመርጡ ከሆነ እነዚያ ልጆች ይመረጣሉ፤ እናትየውም በልጆቿ በኩል ብዙ የልጅ ልጅ ታያለች። የጭራው ዘርና የምርጫው ዘር አብረው እየወረዱ አንዱ ሌላውን ይጎትታል፤ የሚያቆመውም የጭራው ዋጋ ነው። በዚህ ስሌት ሴቴዋ «ጤናማ» ወንዴ መፈለጓ ግዴታ አይደለም።

ይህን የሚያጠናክር አንድ አስገራሚ ሙከራ አለ። ኤውፕሌክተስ አክሲላሪስ የሚባለው፣ በኢትዮጵያም ረግረጎች የሚገኘውና ትከሻው ላይ ቀይ ያለው ወፍ፣ የወንዴው ጭራ አጭር ነው። ፕራይክና አንደርሰን በደቡብ አፍሪካ ለአንዳንዶቹ ወንዴዎች በዝርያቸው ከቶ የማይታወቅ ረጅም ጭራ ቀጠሉላቸው። ሴቴዎቹ ረጅም ጭራ ያለው የራሳቸውን ዝርያ ወንዴ አይተው አያውቁም፤ ቢሆንም እነዚህን መረጡ። በዚህ ዝርያ ርዝመት የጤና ምልክት ሆኖ ሊለመድ የሚችልበት ታሪክ በቅርብ የለም። እንግዲህ የሴቴዋ ዓይን ለረጅም ነገር ያለው ዝንባሌ ከጭራው በፊት ነበረ ማለት ይቻላል፤ ምናልባትም ሣር በሞላበት ሜዳ ላይ ትልቅና የሚወዛወዝ ነገር ቀድሞ ስለሚታይ ብቻ። ወንዴው የሚያደርገው ይህን ዝግጁ በር መግፋት ነው። እኔ በእነዚህ ወፎች ላይ የምቀበለው ይህንኑ ነው፦ ዝንባሌው መጀመሪያ፣ ዋጋው ደግሞ ኋላ መጥቶ ገደብ የሚያበጅ።

ፒኮክን በመጥቀስ የሚያከራክሩኝ ሰዎች ስላሉ እርሱንም በአጭሩ ልንካው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ እንግሊዝ ውስጥ የተሠሩ ጥናቶች በጭራው ላይ ዓይን የሚመስል ክብ ምልክት የበዛላቸው ወንዴዎች ብዙ ሴቴ እንደሚያገኙ አሳይተዋል። በ2008 የታተመ ሰባት ዓመት የፈጀ የጃፓን ጥናት ግን ይህን ግንኙነት አላገኘም። በ2013 ደግሞ በሴቴዎቹ ራስ ላይ የዓይናቸውን አቅጣጫ የሚመዘግብ መሣሪያ ተገጥሞ ሲታይ፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚያዩት የጭራውን ታችኛ ክፍል ሆነ፤ ሰው የሚደነቅበትን፣ ከወንዴው ራስ በላይ የሚቆመውን ክፍል እምብዛም አላዩትም። የላይኛው ክፍል ከሩቅ ለመጥራት፣ የታችኛው ከቅርብ ለመመዘን ሳይሆን አይቀርም። ከዚህ የምወስደው ነገር እኛን የሚማርከን ክፍል የግድ ሴቴዋ የምትመዝነው አለመሆኑን ነው፤ በቦዬው ወፍም ቢሆን ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያስተውለው ቀዩን ነው።

ራስዎ መከታተል ከፈለጉ፣ ነፋስ በሌለበት ጠዋት ማልደው ይሂዱና አንድ ወንዴ ብቻ መርጠው በዓይንዎ ይከታተሉ። የሚቀመጥባቸውን ሁለት ሦስት አገዳዎች ካወቁ ክልሉ በግምት ይታወቅዎታል። ወደ ክልሉ የሚገቡትን ቡናማ ወፎች ሲቆጥሩ ግን ይጠንቀቁ፤ ቡናማ ሁሉ ሴቴ አይደለም። ገና ጭራ ያላበቀሉ ወጣት ወንዴዎችም መልካቸው ያው ነው። መለያው የባለ ክልሉ ጠባይ ነው፦ አንገቱን አቁሞ በቀጥታ ከተወረወረና እስከ ክልሉ ዳር ካሳደደ የመጣው ወንዴ ነው፤ ጭራውን ዘርግቶ በዝግታ ከተንሳፈፈ ደግሞ ሴቴ ናት። ሣሩ ውስጥ ገብተው ጎጆ አይፈልጉ፤ የረገጡት መንገድ ለድመትና ለእባብ ይከፈታል። ይልቅ ደጋግማ አንድ ቦታ የምትገባ ቡናማ ወፍ ካዩ እዚያ ጎጆ ሳይኖራት አይቀርም፤ በአንድ ወንዴ ክልል ውስጥ እንዲህ ያሉ ቦታዎችን ብዛት ከጎረቤቱ ጋር ሲያስተያዩ ማልቴ አንደርሰን የቆጠረውን ነገር ከሩቅ ሆነው እየቆጠሩ ነው።